ማን ይነሳ፣ ማን ይጨርስ?

የዱላ ቅብብል ቡድን ሲመረጥ ብዙ ቦታ የሚሠራበት ደንብ አንድ ነው። ልጆቹን 100 ሜትር ታስሮጣለህ፣ አንደኛ እስከ አራተኛ የወጡትን ትወስዳለህ፣ አለቀ። ተራው ደግሞ እንደ አሰልጣኙ ስሜት ነው። አንዱ ፈጣኗን መጀመሪያ ላይ ያደርጋል፤ "ከጅምሩ እንምራ" ይላል። ሌላው መጨረሻ ላይ ያስቀምጣታል፤ "የቀረውን እሷ ትጨርሰዋለች" ይላል።

እኔ ጎንደር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ሯጭ አይደለሁም፣ ሆኜም አላውቅም። የስፖርት መምህራችን ግን ጎረቤቴ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። የሴቶች 4 በ100 ቡድናቸውን ሲያዘጋጁ አንድ ወረቀት ይዘው መጡና "አንተ፣ ይህችን ነገር እስቲ በሒሳብህ እያት" አሉኝ። ወረቀቱ ላይ የአምስት ልጆች የ100 ሜትር ሰዓት ተጽፏል። ከአምስቱ አራቱን መርጠው ከፈጣኗ ጀምረው ደርድረዋቸዋል።

ወረቀቱን ሳየው አንድ ነገር ጎደለኝ። በዱላ ቅብብል ከቆመችበት የምትነሳው አንዷ ብቻ ናት። የቀሩት ሦስቱ ዱላውን የሚቀበሉት እየሮጡ ነው። ስለዚህ የ100 ሜትር ውድድር ሰዓት የሚነግረን ስለ መጀመሪያዋ ሯጭ ብቻ ነው። ስለ ሌሎቹ ሦስቱ ብዙም አይነግረንም።

ልዩነቱ ትንሽ እንዳይመስላችሁ። ዩሴን ቦልት በ2009 በርሊን ላይ 100 ሜትርን በ9.58 ሲሮጥ የዓለም ክብረ ወሰን ነበር፤ ዛሬም ነው። በዚያው ዓመት ማንቸስተር ከተማ መንገድ ላይ 150 ሜትር ሮጦ የመጨረሻዋን 100 ሜትር በ8.70 ጨረሰ። ሰውየው ያው ነው፣ ዓመቱም ያው ነው። ተንደርድሮ ሲገባበት ግን 0.88 ሰከንድ ቀነሰ። የጃማይካ ቡድን በ2012 ለንደን 36.84 ሲሮጥም ይኸው ነው የሆነው። የአራቱን የግል ምርጥ የ100 ሜትር ሰዓት ብትደምሩ 36.84ን ከ2 ሰከንድ በላይ ይበልጣል። ሦስቱ ከቆሙበት አልተነሱማ። የመጀመሪያውን ዙር የሮጠው ደግሞ ቦልት አልነበረም፤ ኔስታ ካርተር ነበር። ከሁሉም ፈጣኑ ቦልት ጨረሰ።

ለጋሼ "እያንዳንዷን ልጅ ሁለት ጊዜ እንለካት" አልኳቸው። አንደኛው የመነሻ ሰዓት ነው። ልጅቷ ተንበርክካ ተነስታ 100 ሜትር ትሮጣለች፤ በኩርባው ላይ ቢሆን ይሻላል፣ የመጀመሪያው ዙር የሚሮጠው እዚያ ነውና። ሁለተኛው የመንደርደሪያ ሰዓት ነው። 30 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሄዳ ትነሳለች፤ መስመሩን ስታልፍ ረዳቱ ባንዲራ ያወርዳል፣ ሰዓት ያዡ ያኔ ይጀምራል፣ 100 ሜትሩ ሲያልቅ ያቆማል።

ስለ ሰዓቱ ጋሼን አንድ ነገር አስጨንቋቸው ነበር። የመነሻውን ሩጫ የሚያስጀምሩት በጭብጨባ ነው። ሰዓት ያዡ ደግሞ 100 ሜትር ርቆ መጨረሻው ላይ ቆሟል። ድምፅ ያን ያህል ለመጓዝ 0.3 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ጭብጨባውን ሰምቶ ሰዓቱን የሚጫን ሰው ሁሉንም ልጅ በ0.3 ሰከንድ ፈጣን ያደርጋታል። ስለዚህ በሁለቱም ልኬት ባንዲራ እንዲታይ አደረግን። ግን ባናደርገውም ምርጫው አይበላሽም ነበር። በየትኛውም ቡድን ውስጥ ያለው የመነሻ ሰዓት አንድ ብቻ ነው፤ ሁሉም ድምር ላይ ያው 0.3 ይቀነሳል፤ ማነፃፀሩ እንዳለ ይቆያል። የሚያስፈራው ለአንዷ ቀድሞ ለሌላዋ ዘግይቶ የሚጫን ጣት ነው። ለዚያ መድኃኒቱ ልጅቷን በሌላ ቀን ደግሞ መለካትና መካከለኛውን ቁጥር መውሰድ ነው። አንድ ቀን ላይ ደጋግሞ ማስሮጥ ግን አይሆንም፤ የምትለኩት ድካሟን ይሆናል።

ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። ሀ፣ ለ፣ መ፣ ረ፣ ሰ ልበላቸው። ሲጣራ ቁጥሩ እንዲህ ሆነ፤ ፊተኛው የመነሻ፣ ኋለኛው የመንደርደሪያ ሰዓት ነው።

ሀ፦ 13.2 እና 12.0
ለ፦ 13.4 እና 12.5
ረ፦ 13.5 እና 12.8
መ፦ 13.6 እና 12.4
ሰ፦ 14.0 እና 12.6

ሀ በሁለቱም አንደኛ ናት፤ ረጅም ናት፣ እርምጃዋ ሰፊ ነው። ረ አጭር ናት። ከመሬት ስትነሳ የሚደርስባት የለም፣ ከ60 ሜትር በኋላ ግን ፍጥነቷ ያልቃል። በመነሻና በመንደርደሪያ ሰዓቷ መካከል ያለው ልዩነት 0.7 ብቻ ነው። ሰ የእሷ ተቃራኒ ናት። ለመነሳት ዘመን ይፈጅባታል፣ አንዴ ከተንቀሳቀሰች ግን ትሄዳለች፤ ልዩነቷ 1.4 ነው። በ100 ሜትር ውድድር ከአምስቱ መጨረሻ የምትወጣው እሷ ስለሆነች ጋሼ ቀድመው ሰርዘዋታል።

የጋሼ ዝርዝር ሀ፣ ለ፣ ረ፣ መ ነበር። ሀ ከቆመችበት ትነሳለች፣ 13.2። ሌሎቹ ተንደርድረው፦ 12.5፣ 12.8፣ 12.4። ድምሩ 50.9 ነው። አሁን እነዚያኑ አራት ልጆች ይዘን ማን እንደምትነሳ ብቻ እንቀይር። ረ ትነሳ፣ 13.5። ሀ፣ ለ እና መ ተንደርድረው 12.0፣ 12.5፣ 12.4። ድምሩ 50.4። አንዲት ልጅ ሳትቀየር፣ ማንም አንድ እርምጃ ሳይፈጥን፣ ግማሽ ሰከንድ ተገኘ። በእነሱ ፍጥነት 4 ሜትር ማለት ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አራቱ ልጆች ከተወሰኑ የሁሉም የመንደርደሪያ ሰዓት ድምር አይቀየርም። የምትነሳዋ ልጅ በዚያ ላይ የምትጨምረው ያንን የመነሻና የመንደርደሪያ ልዩነቷን ብቻ ነው። ስለዚህ መነሻው ላይ የምትቆመው ፈጣኗ ሳትሆን ልዩነቷ ትንሹ የሆነችው ናት። ሀ ከቆመችበት ስትነሳ 1.2 ታስከፍላለች፣ ረ 0.7። "ፈጣኗን ልጅ መነሻ ላይ ማቆም የቡድኑን ትልቁን ሀብት ማባከን ነው" ስላቸው ጋሼ ዝም ብለው ወረቀቱን ገለበጡት፤ ጀርባው ላይ ራሳቸው ደመሩት።

አራቱ ካልተወሰኑ ግን ልዩነቱን ብቻ ማየት አይበቃም። ከአምስት ልጆች አራት ተመርጠው በተራ ሲቆሙ 120 አሰላለፍ ይወጣል። ደግነቱ ለዚህ ስሌት ከሁለተኛ እስከ አራተኛ ያሉት እርስ በርስ ቢቀያየሩም ድምሩ ያው ነው። ስለዚህ አምስት መስመር ይበቃል። እያንዳንዷን ልጅ በየተራ መነሻ ላይ አቁማት፤ ከቀሩት አራት በመንደርደሪያ ሰዓት የተሻሉትን ሦስቱን ውሰድ፤ ደምር። ሀ ስትነሳ 50.7 መጣ። ለ ስትነሳ 50.4። መ ስትነሳ 50.7። ረ ስትነሳ 50.4። ሰ ስትነሳ 50.9።

ሁለት ቡድን እኩል ወጣ። አንደኛው ረ ተነስታ ሀ፣ ለ እና መ የሚከተሉበት ነው። ሁለተኛው ለ ተነስታ ሀ፣ መ እና ሰ የሚከተሉበት ነው። አዎ፣ ያችው የተሰረዘችው ሰ። በ100 ሜትር አምስተኛ የወጣችው ልጅ ከሁለቱ ምርጥ ቡድኖች በአንዱ ውስጥ አለች፤ ሦስተኛ የወጣችው ረ ደግሞ የለችበትም። ጋሼን ያሳመናቸው ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ከዚያ በኋላ ስቶፕ ዎቿን ከእጃቸው አላወጧትም።

እስካሁን ያለው ስሌት ግን ዱላው በአየር ላይ የሚበር ይመስል መቀባበሉን ረስቶታል። ሁለቱን እኩል ቡድኖች የሚለየው እሱ ነው።

ደንቡን ላስታውስ። ዱላው የሚቀየረው 30 ሜትር በሆነች ክልል ውስጥ ነው። ከ100 ሜትር መስመር 20 ሜትር ቀደም ብላ ትጀምራለች፣ 10 ሜትር አልፋ ታበቃለች። ከ2018 በፊት ክልሉ 20 ሜትር ነበር፤ ከፊቱ 10 ሜትር መንደርደሪያ ነበረው። በኖራ የተሰመረ የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ አሮጌው ምልክት ካለ መጀመሪያ እሱ ይስተካከል። የሚታየው የዱላው ቦታ ነው እንጂ የሯጮቹ እግር አይደለም። ዱላው ከክልሉ ውጭ ከተቀየረ ቡድኑ ይሰረዛል። በ2024 ፓሪስ ላይ የአሜሪካ ወንዶች በፍፃሜው የተሰረዙት ገና የመጀመሪያውን ቅብብል ከክልሉ ውጭ ስላደረጉት ነው።

የምንለካው እንዲህ ነው። ዱላው ወደ 30 ሜትሩ ሲገባ ሰዓቱ ይጀምራል፣ ሲወጣ ይቆማል። ልጆቹን አይደለም የምንከተለው፣ ዱላውን ነው። ለምሳሌ ሀ ለመ ስታቀብል፦ የሀ ፍጥነት ለ30 ሜትር 3.6 ሰከንድ ነው፣ የመ 3.7 ትንሽ አለፍ ይላል። ዱላው ሳይዘገይ ቢያልፍ 3.7 ገደማ ይፈጅበታል። ስንለካው 3.9 መጣ። ስለዚህ ይህ ጥንድ የሚያባክነው 0.2 ሰከንድ ነው። ጥንዱ አቅጣጫ እንዳለው ልብ በሉ። ሀ ለመ ስታቀብልና መ ለሀ ስታቀብል ሁለት የተለያየ ነገር ነው።

ከመለካት በፊት ምልክቱ ይስተካከል። ተቀባይዋ ከኋላዋ መሬት ላይ ምልክት አላት፤ አቀባይዋ እዚያ ስትደርስ ዞር ሳትል መሮጥ ትጀምራለች። ዱላው የተቀየረበትን ቦታ እዩ። ከክልሉ መግቢያ ከ20 እስከ 25 ሜትር ላይ ከተቀየረ ጥሩ ነው። በ10 ሜትር ላይ ከተቀየረ አቀባይዋ ቶሎ ደርሳባታለች፣ ተቀባይዋ ገና አልፈጠነችም፤ ምልክቱ ወደ አቀባይዋ ይራቅ። አቀባይዋ "እጅ!" ብላ እየጮኸች ካልደረሰችባት ምልክቱ ወደ ተቀባይዋ ይቅረብ። እዚህ ላይ ዓይን ያታልላል። በ10 ሜትር ላይ የሚደረግ ቅብብል ሲታይ ያምራል፤ ማንም አይደናገጥም፣ ዱላው አይወድቅም። ሰዓቱ ግን 4 ሰከንድ ያልፋል።

የረ ቡድን ጥንዶች ብክነት ይህ ነበር። ረ ስታቀብል፦ ለሀ 0.5፣ ለመ 0.2፣ ለለ 0.2። ሀ ስታቀብል፦ ለመ 0.2፣ ለለ 0.4። መ ስታቀብል፦ ለሀ 0.2፣ ለለ 0.3። ለ ስታቀብል፦ ለሀ 0.1፣ ለመ 0.3።

ረ ለሀ ስታቀብል ለምን 0.5? ረ መጨረሻዋ ላይ ደክማለች፣ ሀ ደግሞ ስትነሳ በትልልቅ እርምጃ ነው። ሀ ዝግ ብላ ካልጠበቀቻት አትደርስባትም። ምልክቱን ብናቀርበውም ብዙ አልተሻሻለም። ጋሼ ሁለተኛ ሙከራቸው ላይ ያሰቡት አሰላለፍ ረ፣ ሀ፣ ለ፣ መ ነበር፤ ደካማዋ ጨራሽ ረ ለፈጣኗ ሀ የምታቀብልበት። ያ አሰላለፍ 0.5፣ 0.4 እና 0.3 ያባክናል፤ 1.2 ሰከንድ ነው። ከስድስቱ አሰላለፎች ሁሉ የከፋው እሱ ነው። ምርጡ ረ፣ ለ፣ ሀ፣ መ ነው፦ 0.2፣ 0.1፣ 0.2፤ 0.5 ብቻ። አራቱ ልጆች ያው ናቸው፣ መነሻዋም ያችው ረ ናት፤ በሦስቱ ቦታ መቀያየር ብቻ 0.7 ሰከንድ ልዩነት አለ።

የለ ቡድንስ? ለ፣ ሀ፣ መ፣ ሰ ሲሰለፉ 0.1፣ 0.2 እና 0.3 ነው፤ 0.6 መጣ። ጥሩ ነው። የቀሩት አምስቱ አሰላለፎች ግን ሁሉም 0.9 ወይም ከዚያ በላይ ናቸው፤ ሰ ከቆመችበት ለመንቀሳቀስ ስለምትዘገይ ከመ በቀር የሚያቀብላት ሰው ይቸገራል። ቡድኑ በአንድ መንገድ ብቻ የሚሠራ ነው። በ50.7 የወጡትን ደግሞ እንዲያው ተውናቸው። ከረ ምርጥ አሰላለፍ፣ ማለትም ከ50.9 ጋር ለመድረስ ሦስት ቅብብል በድምሩ 0.2 ብቻ ማባከን አለባቸው። ከለካናቸው ሁሉ ምርጡ ጥንድ ብቻውን 0.1 ይፈጃል።

እንግዲህ ረ፣ ለ፣ ሀ፣ መ ይሁን? ወረቀቱ አዎ ይላል። ግን ሌላ አሰላለፍ አለ፦ ረ፣ መ፣ ለ፣ ሀ። ብክነቱ 0.2፣ 0.3 እና 0.1 ነው፤ በድምሩ 0.6። በሁለቱ መካከል ያለው 0.1 ሰከንድ በእጅ ሰዓት ሊታመን አይችልም። እኔም ብጫነው፣ ጋሼም ቢጫኑት፣ ጣታችን ብቻ ከዚያ በላይ ይለያያል። ሒሳቡ እዚህ ድረስ ነው የሚሄደው። ከዚህ በኋላ የሜዳ ዕውቀት ይናገር።

ጋሼ ተናገሩ። አንደኛውና ሦስተኛው ዙር ኩርባ ናቸው፣ ሁለተኛውና አራተኛው ቀጥታ። ረጅም እግር ያላት ሀ ኩርባው ላይ ወደ ውጭ ትገፋለች፤ የውስጠኛው መስመር ከደረሰን ደግሞ ይብስባታል። ለ አጭር ናት፣ ኩርባውን አጥብቃ ትይዛለች። የመንደርደሪያ ሰዓቱን የለካነው ቀጥታው ላይ ስለሆነ ይህ ነገር ቁጥሩ ውስጥ የለም። ሌላም አለ። ሦስተኛዋ ሯጭ ትቀበላለችም ታቀብላለችም፤ የመጨረሻዋ ግን የምትቀበለው ብቻ ነው። ሀ በባሕርይዋ ችኩል ናት፣ አንድ ኃላፊነት ይበቃታል። ለ ለሀ የምታቀብለው ምርጡ ጥንዳችንም በሁለቱም አሰላለፍ ውስጥ አለ፣ አናጣውም።

"ስለዚህ ሀ ትጨርስ" አሉ ጋሼ፣ ከጅምሩ የፈለጉትን ያገኙ ሰው መስለው። ከጅምሩ የፈለጉት እንኳን መጀመሪያ ላይ እንድትቆም ነበር። እኔም ተስማማሁ። ረ፣ መ፣ ለ፣ ሀ።

ከጠዋቱ ብርድ ጋር ደግሞ ትንሽ ታገልን። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ለአጭር ሩጫ በመጠኑ ይጠቅማል፤ ፀሐይ ሳትወጣ ግን ጣት ይደነዝዛል፣ ዱላ ይንሸራተታል። በደነዘዘ እጅ የተለካ ቅብብል ለከሰዓት ውድድር አይሆንም። ስለዚህ የጥንዶቹን ልኬት ሁሉ ውድድሩ በሚደረግበት ሰዓት ደገምነው። ቁጥሮቹ በጥቂቱ ቀነሱ፣ ተራቸው ግን አልተዛነፈም።

የቀረን ሥራ ተጠባባቂዋን ማስገባት ነው። መ ብትታመም ሀ፣ ለ፣ ረ እና ሰ ይቀራሉ። መነሻዋን ለማወቅ ሌላ ልኬት አያስፈልግም፤ ልዩነቷ ትንሹ አሁንም ረ ናት፣ ድምሩ 50.6 ይሆናል። ተራውን ግን ገና አናውቀውም። ረ ለሰ ስታቀብልም፣ ሰ ለለ ስታቀብልም ለክተን አናውቅም፤ በሁለቱ ቡድኖች ውስጥ እነዚህ ጥንዶች አልነበሩም። የሚቀጥለው ልምምድ ለእነሱ ነው። ጋሼ ምልክቱን በኖራ ያሰምራሉ፣ እኔ ባንዲራውን እይዛለሁ።